አንድ ደርዘን ደብተር በጳጉሜን

አምና የጻፍኩትን የድጋፍ ጥሪ ልጅቷ አነበበችው።

ስሟን አልጠቀስኩም ነበር። ፎቶዋንም አላወጣሁም። «የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ እናቷ ጠላ እየሸጠች የምታሳድጋት፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ ክፍል ቤት ከ3 ወንድሞቿ ጋር የምትኖር» ብዬ ብቻ ነው የጻፍኩት። ባሕር ዳር ግን ትልቅ ብትመስልም ሰፈርተኛው ይተዋወቃል። ጽሑፉ በቴሌግራም ዞሮ ዞሮ የክፍል ጓደኞቿ ስልክ ላይ ደረሰ። ጳጉሜን 4 ቀን ደብተር ልናድል ስንሰናዳ መጣችና በሩ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ አይደል?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። በማግስቱ ደብተሯን ሊወስድ የመጣው ታናሽ ወንድሟ ነው።

ማኅበራችን ትንሽ ናት። ስድስት ሆነን በትርፍ ጊዜያችን የምንሠራባት፣ ደመወዝተኛ የሌላት። ሥራዋም አንድ ነው፤ አቅም ላነሳቸው ቤተሰቦች ልጆች የዓመቱን ደብተርና እስክሪብቶ መግዛት። ገንዘብ የምንጠይቀው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ዛሬ የማጫውታችሁ ያንን ደብዳቤ ዘንድሮ እንዴት እንደ አዲስ እንደጻፍነው ነው።

የአምናው ደብዳቤ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «እርስዎ ለበዓሉ በግ ሲመርጡ ደብተር የሚገዛላት ያጣች ልጅ አለች።» ያን ጊዜ ኮርቼበት ነበር። ለጓደኞቼ ሳነብላቸው ዝም አሉ፤ ዝምታቸውን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት። ብሩም መጣ። በሦስት ቀን ውስጥ አብዛኛው ገባና ከዚያ ቀጥ አለ።

ምን እንደሠራሁ የገባኝ ከበዓሉ በኋላ ነው። አንድ የማውቃቸው ጎልማሳ፣ መምህር ናቸው፣ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ ተሻገሩ። ሁለተኛም ጊዜ እንዲሁ። በሦስተኛው እኔ ተሻግሬ ያዝኳቸውና ሰላም አልኳቸው። ገና እጄን እንደጨበጡ «ያንን ነገር እኮ አልላክሁም፣ ያን ሰሞን እጄ ላይ ምንም አልነበረኝም» አሉኝ። እኔ ምንም አልጠየቅኳቸውም። አንድ ዓመት ሙሉ ሊሸከሙት የነበረውን ነገር ያሸከምኳቸው እኔ ነኝ።

በእኛ አገር ይህ ነገር ስም አለው፣ ይሉኝታ። ይሉኝታ ያለው ሰው ይሰጣል፣ ግን የሚሰጠው ልጅቷ ደብተር እንድታገኝ ብሎ ሳይሆን ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው። እንዲህ የሰጠ ሰው ሰጥቶ ሲያበቃ የሚሰማው እፎይታ ነው። እፎይ ያለ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ያንን ጭንቀት ፈልጎ አይመጣም፤ ስልኩ ላይ ስማችሁን ሲያይ ሳይከፍት ያልፋል። ለመስጠት አቅም ያጣውስ? እሱ ደግሞ እንደ መምህሩ መንገድ ይቀይራል። ስለዚህ ጥሪያችን ሰጪውንም ያልሰጠውንም አራቀብን። አምና ከሰጡት 31 ሰዎች ስንቶቹ ዓመቱ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳን «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ብለው ጠየቁ ብዬ ሳስብ የማስታውሰው አራት ሰው ነው።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። በአንድ ልጅ ታሪክ ገንዘብ መጠየቅ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪክ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ለአንዳንድ ሰዎች የአንዲት የ7 ዓመት የማሊ ልጅ ታሪክ ተነገራቸው፣ ለሌሎቹ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የተራቡ ሰዎች ቁጥር ቀረበላቸው። ስለ አንዷ ልጅ የሰሙት በጣም የበለጠ ሰጡ። ይህን አውቅ ነበር፤ የአምናውን ደብዳቤ ስጽፍ የተማመንኩትም በእሱ ነው። ያላሰብኩት ግን በዚያ ጥናት ውስጥ ሰጪውና ልጅቷ መቼም እንደማይገናኙ ነው። እኔ ልጅቷን በየሳምንቱ አገኛታለሁ። የእኔ አንባቢዎች እናቷን ያውቋታል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ከእነሱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ትጋፋለች። እንዲህ ባለ ቦታ የአንድን ሰው ችግር ጽፎ መበተን የሚያስገባው ብር የሚቆጠር ነው፣ የሚያስከፍለው ግን በማንም ደብተር ላይ አይሰፍርም።

ዘንድሮ ከሁሉ በፊት ያደረግኩት እቤታቸው ሄጄ ይቅርታ መጠየቅ ነበር። ሐምሌ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያወርደው። እናቷ ቡና አፈላች። ስለ ደብዳቤው እሷ ብዙም አላለችም፤ «አሳብህ ክፉ እንዳልነበር አውቃለሁ ወንድሜ» ብላ ወሬውን ቀየረችው። ልጅቷ ግን ቁጭ ብላ ሰማችኝ። ዘንድሮ ስጽፍ ሳልልከው በፊት እንድታነብልኝ ጠየቅኳትና እሺ አለች።

ከዚያ ስለ ወቅቱ ማሰብ ጀመርኩ። ዓመት መጨረሻ ላይ የምንጠይቀው ለምንድን ነው? ልማድ ስለሆነ ብቻ ከሆነ ሌላ ወር መጠየቅ ይቻላል። ደግሞም ጳጉሜን ለኪስ ጥሩ ጊዜ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ 12 ደመወዝ ነው ያለው፣ ጳጉሜን የራሷ ደመወዝ የላትም፤ የነሐሴው ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ 35 ቀን መድረስ አለበት። በዚያ መሃል በዓሉ አለ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ አለ፣ ዩኒፎርም አለ። ክረምቱ የግንባታ ሥራ ስለሚያቀዘቅዝ የቀን ሠራተኛው ከሰኔ ጀምሮ ጎድሎበታል። ገጠር ደግሞ እህሉ ገና አረንጓዴ ነው፣ አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ፤ ጎተራው የሚሟጠጠው፣ ገበያ ላይ እህል የሚወደደውም በዚሁ ሰሞን ነው። እኔ እንግዲህ አምና የወቀስኩት እነዚህን ሰዎች ነው። በግ ስትመርጡ ያልኳቸው ብዙዎቹ በግ አልመረጡም፣ ዶሮም በስንት ሐሳብ ነው የገዙት።

ግን ወቅቱ ሌላም ፊት አለው። ነሐሴ ሲጋመስ ከሥራ ስወጣ በጣና ዳር በኩል እመለሳለሁ። ያን ጊዜ ውኃው ሞልቶ ወደ ዳር ወደ ዳር ይመጣል። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይዘውት የገቡት አፈር ቀለሙን ቡናማ ያደርገዋል። መስኩ ላይ እንግጫው ረዝሟል። በእኛ በጎጃም ጳጉሜን ሲያልቅ ልጃገረዶች ተጠራርተው እንግጫ ለመንቀል ይወጣሉ። መስከረም 1 ንጋት ላይ ደግሞ ወንዶቹ ልጆች በቀለም የሣሏትን አበባ ይዘው በር ያንኳኳሉ። አንዱን ልብ ብላችሁ እዩት። «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ሥዕሉን ይሰጣችኋል፣ ከዚያ ይቆማል። ቤታቸው ምን እንደጎደለ አይነግራችሁም። እናንተ ያላችሁን ትሰጡታላችሁ፤ ዝርዝር ብር ካጣችሁ ዳቦ ትቆርሱለታላችሁ። እሱም መርቆ ወደ ሚቀጥለው በር ይሮጣል። ቀድሞ የሰጠው እሱ ነው፣ የሰጠውም ሥዕሉን ነው። ይህንን እያሰብኩ የአምናውን ደብዳቤ መልሼ አነበብኩት። የእኔ ደብዳቤ ለአንባቢው ይዞለት የሄደ ነገር አልነበረም።

ይዞ መሄድ ያለበት ምንድን ነው? ያለፈው ዓመት ገንዘብ የት እንደደረሰ ነው ብለን ተስማማን። ይህ ቀላል ይመስላል፣ እኛን ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብን። መዝገባችን ላይ ለስንት ልጅ እንደሰጠን አለ፣ ከዚያ በኋላ ልጆቹ የት እንደደረሱ ግን የለም። በየትምህርት ቤቱ እየዞርን ጠየቅን። ያገኘነው ሁሉ የሚያስደስት አልነበረም፤ ሁለት ልጆች አቋርጠዋል። ሒሳብ ያዣችን «ይህንንም እንጽፈዋለን?» አለችኝ። እንጽፈዋለን አልኳት። ሁሉም ተሳካ የሚል ሪፖርት ማንም አያምንም፣ ያቋረጡትን የጻፈ ሰው ግን የቀሩትን በትክክል እንደቆጠረ ይታወቃል።

ቀጥሎ የመጣው የምንጠይቀው ምን ያህል ነው የሚለው ነው። አምና «የቻሉትን» ብለን ነበር የጻፍነው። ጨዋ አነጋገር ይመስላል፣ ሰጪውን ግን ያስጨንቃል። የቻልኩት ስንት ነው? ትንሽ ብልክ ይታዘቡኝ ይሆን? ዘንድሮ መለኪያውን ከገበያው ወሰድነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ይሄዳል፤ ደርዘን ደብተር ይገዛል። ለአንድ ልጅ 12 ደብተር እንሰጣለን፣ ያ ማለት ልክ አንድ ደርዘን ነው። 84 ልጅ፣ 84 ደርዘን። ስለዚህ የምንጠይቀው ሰውየው ሊያደርገው የተነሳውን ነገር አንድ ጊዜ እንዲደግመው ነው። ዋጋውን እዚህ አልጽፍላችሁም፣ ሳታነቡት ይቀየራልና። ደብዳቤው ላይ ግን በዚያ ሳምንት ሱቁ የጠየቀንን ዋጋ ቁርጥ አድርገን ጻፍን።

ረቂቁን ለልጅቷ ስልኬ ላይ አሳየኋት። አሁን ወደ 8ኛ ክፍል ተዛውራለች። ቀስ ብላ አነበበችና አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «84 ችግረኛ ተማሪዎች» የሚል ነበር። «ጋሼ፣ ተማሪዎች ከተባለ አይበቃም?» አለችኝ። በቃ። አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ያለው ደብዳቤ ይኸው፦

«ጤና ይስጥልን። አምና በዚህ ወቅት በሰጣችሁን ገንዘብ 79 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 12 ደብተርና 4 እስክሪብቶ ይዘው ትምህርት ጀምረዋል። 74ቱ ዓመቱን ጨርሰዋል። 3ቱ ከቤተሰባቸው ጋር ከከተማ ወጥተዋል፣ 2ቱ አቋርጠዋል። ዘንድሮ 84 ተማሪዎች አሉን። ለእያንዳንዳቸው አንድ ደርዘን ባለ 50 ሉክ ደብተርና 4 እስክሪብቶ እስከ ጳጉሜን 3 እንገዛለን። ለልጆቻችሁ ስትገዙ አንድ ደርዘን መጨመር ከተመቻችሁ ዋጋው ከታች አለ። ግማሽ ደርዘንም፣ አንድ ደብተርም ይሆናል። ዘንድሮ ካልተመቻችሁ ይህንን እንደ ሰላምታ ቁጠሩልን። ደብተሮቹ የት እንደደረሱ ጥር ላይ ለሰጠውም ላልሰጠውም እንጽፋለን። ለአዲሱ ዓመት በሰላም ያድርሰን።»

«ካልተመቻችሁ» በምትለዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ተጨቃጨቅን። ሒሳብ ያዣችን በጣም ተቃወመች። «ሰው መውጫ ከሰጠኸው ይወጣል» አለች። ልክ ናት፣ አንዳንዱ ይወጣል። እኔ ያልኳት መምህሩ በሚቀጥለው ዓመት መንገድ እንዳይሻገሩብኝ እፈልጋለሁ ነው። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማን፤ ዓረፍተ ነገሩ ይግባ፣ ግን አይለማመጥ። የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ «ባትሰጡም አንቀየማችሁም» የሚል ነበር፣ እሱን ራሷ አወጣችው። አንቀየምም ማለት ልንቀየም እንችል ነበር ማለት ነው አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሃይማኖት ነክ ጥቅስም አላስገባንም። መስጠት በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ትልቅ ቦታ አለው፣ ጥቅሱም ሞልቷል። ከአንባቢዎቻችን መካከል ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፤ አዲስ ዓመት የሁሉም ነው። ሌላው ደግሞ ገንዘብ መጠየቂያ ላይ የተቀመጠ ጥቅስ ብዙ ጊዜ ከወቀሳ አይለይም። የሰጪዎችን ስም ዝርዝር ማውጣትም ተውን። አምና «እገሌ ይህን ያህል» እያልን ለጥፈን ነበር፣ ሌላውን ያነሳሳል ብለን። ያነሳሳው ይሉኝታን ነው።

ቀኑ ላይ ብዙ አሰብን። ደመወዝ ሳይገባ ብንልክ ሰው አንብቦ ይረሳዋል፤ ጳጉሜን 4 ብንልክ ገንዘቡ ለበዓሉ ሄዷል፣ እኛም የምንገዛበት ቀን አልፏል። ነሐሴ 26 ላክን። ማስታወሻ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጳጉሜን 1፣ ሁለት መስመር፤ «እስከ አሁን 52 ደርዘን ደርሷል፣ ከነገ ወዲያ እንገዛለን።» ከዚያ በኋላ ዝም።

አንድ የሚያናድድ ስህተት ግን ሠርተን ነበር። ደብዳቤው ላይ ያስገባነው የቴሌብር ቁጥር የአንዱ አባላችን ነበር። ሰው ሊልክ ሲል ስልኩ ላይ የሚመጣለት የማኅበሩ ስም ሳይሆን የግለሰቡ ስም ነው። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዎች ደውለው «ይህ ማነው?» አሉን። ሦስቱ ደወሉ፣ ሳይደውሉ የተዉት ስንት እንደሆኑ እግዜር ይወቀው። በማግስቱ ቁጥሩን አውጥተን በማኅበሩ ስም የተከፈተውን የባንክ ሒሳብ ብቻ አስቀረን፣ ሲልኩ የሚታየውን ስምም ፊደል በፊደል ደብዳቤው ላይ ጻፍነው። እንዲህ ዓይነት ጥሪ የምትጽፉ ካላችሁ፣ ከመበተናችሁ በፊት ከሌላ ሰው ስልክ 10 ብር ልካችሁ የሚመጣውን ስም እዩ።

ሰዎች ደብተሩን ራሱን ገዝተው ማምጣት ጀመሩ። ይህንን አልጠበቅንም፤ «ስትገዙ» ብለን ስለጻፍን እኛው የጋበዝነው ነው። ግማሹ ባለ 32 ሉክ ነበር። ከፍ ላለ ክፍል ተማሪ ደግሞ ባለ 32ቱ ወር ከምናምን አያቆይም። ለታናናሾቹ አደረግነውና ቀሪውን በገንዘብ ሸፈንነው። አንድ ባጃጅ ነጂ ግን ሁለት ደርዘን፣ በትክክል ባለ 50ውን፣ አምጥቶ አስረከበንና ደረሰኝ ስንጽፍለት ስሙን ሊነግረን አልፈለገም። «ለልጄ ስገዛ ነው» ብሎ ሄደ። የደብዳቤያችንን ቃል ነው የተናገረው፣ ደብዳቤውን ያነበበም አይመስለኝም፤ ሰው ነግሮት ይሆናል።

ውጤቱን እንዳለ ልንገራችሁ። ጳጉሜን 3 ማታ 75 ደርዘን ነበረን። 9 ጎደለ። አምና በዚሁ ቀን የ79ኙም ሞልቶ ነበር። በአምናው ደብዳቤ ብዙ ብር የላኩት ሁለት ነጋዴዎች ዘንድሮ በጣም ቀነሱ፤ አንዱ ምንም አልላከም። የሰጪው ቁጥር ግን ከ31 ወደ 58 ከፍ ብሏል፣ አብዛኛው አንድ ደርዘን ወይም ግማሽ። መምህሩም ነሐሴ 29 ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ላኩ፣ የስድስት ደብተር ዋጋ።

ጳጉሜን 3 ማታ ዝናብ ነበር። የሩፋኤል ዕለት ስለሆነ የሰፈሩ ልጆች ዝናቡ ውስጥ ወጥተው እየጮሁ ይታጠባሉ። እኛ ቤት ውስጥ ደብተር እየቆጠርን በደርዘን እናስራለን። ሒሳብ ያዣችን ዝርዝሩን ዘግታ «ሦስተኛ መልእክት እንላክ?» አለች። የምትለው ይገባኛል። ዘጠኝ ልጅ ነው። አንድ የሚያስለቅስ መስመር ብጽፍ ነገ ጠዋት ይሞላል፤ መስመሩም ጭንቅላቴ ውስጥ ተጽፎ አልቋል። አንድ ጊዜ ብቻ እናስታውሳለን ተባብለን ነበርና ተውነው።

ጳጉሜን 4 አደልን። ልጅቷ ራሷ መጥታ የእሷንና የወንድሟን ወሰደች። ለዘጠኙ ልጆች ቤተሰቦች መስከረም ላይ እንደምናደርስ ነገርናቸው፣ እስከዚያ ከታሰረው ላይ እየፈታን ለእያንዳንዳቸው አራት አራት ደብተር ሰጠናቸው። ከበዓሉ በኋላ ሳንጠይቅ በትንሽ በትንሹ ገንዘብ ሲገባ ቆየ። መስከረም 8 ቀን የቀረውን ደብተር በሙሉ ገዛን። እስክሪብቶው ግን አልደረሰም፤ ለሁሉም አራት አራት ያልነው ለዘጠኙ ሁለት ሁለት ሆነ። ጥር ላይ የምንጽፈው ደብዳቤ ላይ ይህም ይጻፋል።